የገንዘብ ድምር በኮድ ውስጥ ስለምን ይዛነፋል? ሒሳብን በሳንቲም ስለመያዝ

ከእያንዳንዱ ግብይት 10 ሳንቲም የአገልግሎት ክፍያ የሚቀንስ አንድ የክፍያ ሥርዓት ይታሰብ። አንድ ሚሊዮን ግብይት ሲፈጸም የተሰበሰበው ክፍያ 100,000 ብር መሆን አለበት፤ ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ክፍያውን 0.1 ብር ብሎ መዝግቦ አንድ በአንድ የሚደምር ፕሮግራም ሌላ መልስ ይሰጣል፦

```python
total = 0.0
for _ in range(1_000_000):
    total += 0.1
print(total)            # 100000.00000133288
print(total == 100000)  # False
```

ልዩነቱ የአንድ ሳንቲም ሺህኛ እጅ እንኳ አይሞላም። በዚህም ምክንያት ብዙ የሶፍትዌር ባለሙያዎች «መጨረሻ ላይ ወደ ሁለት አሃዝ ሲጠጋጋ ይጠፋል» ብለው ያልፉታል። በመጠኑ ረገድ አባባላቸው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ችግሩ ግን ያለው በመጀመሪያው የውጤት መስመር ሳይሆን በሁለተኛው ላይ ነው። ሥርዓቱ ሁለት እኩል መሆን ያለባቸውን የገንዘብ መጠኖች «እኩል አይደሉም» ብሏል። እኩልነትን ማረጋገጥ የማይችል የሒሳብ መዝገብ ደግሞ ዋነኛ ተግባሩን አጥቷል።

መዛነፉ ሁለት ምንጮች አሉት፤ ለየብቻ መታየት ይገባቸዋል። የመጀመሪያው ቁጥሩ ገና ሲመዘገብ የሚፈጠር ነው። አንድ ሦስተኛ በአስርዮሽ ሲጻፍ 0.333 እያለ ማለቂያ እንደማይኖረው ሁሉ፣ አንድ አስረኛም በሁለት መሠረት ሲጻፍ አያልቅም። በሁለት መሠረት የሚያልቁት ታሕታያቸው 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ የሚሄድ ክፍልፋዮች ብቻ ናቸው። ከ0.00 እስከ 0.99 ካሉት አንድ መቶ የሳንቲም መጠኖች መካከል ያለ ጉድለት የሚመዘገቡት አራት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 0.00፣ 0.25፣ 0.50 እና 0.75 ናቸው። ከኢትዮጵያ ሳንቲሞች የሃያ አምስትና የሃምሳ ሳንቲሞቹ በዚህ ስሌት በትክክል ሲወከሉ፣ የአንድ፣ የአምስትና የአስር ሳንቲሞቹ ግን በግምት ብቻ ይያዛሉ። 0.1 ተብሎ የገባው ቁጥር በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው 0.10000000000000000555 ገደማ ሆኖ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ መደመሩ ራሱ ነው። የተቀመጠው 0.1 ከእውነተኛው በጥቂቱ የሚበልጥ ከሆነ፣ አስር ጊዜ ሲደመር ከ1 መብለጥ ነበረበት። በተራ ሲደመር የሚገኘው ውጤት ግን 0.9999999999999999 ነው። ያነሰበት ምክንያት ከእያንዳንዱ መደመር በኋላ ውጤቱ በአቅራቢያው ወዳለው ሊወከል የሚችል ቁጥር ስለሚጠጋጋ ነው። አንድ ሚሊዮን ጊዜ የተደመረው 0.1 ከትክክለኛው በልጦ ሳለ፣ አስር ሚሊዮን ጊዜ ሲደመር 999999.9998389754 በመሆን ከትክክለኛው ያንሳል። የመደመሩ ብዛት አስር እጥፍ ሲያድግ ስሕተቱ ከመቶ እጥፍ በላይ አድጓል፤ አቅጣጫውንም ቀይሯል። ስለዚህ ቋሚ ማስተካከያ በመቀነስ ሊታረም የሚችል አይደለም።

የስሕተቱ ማደግ ምክንያት የተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥሮች አቀማመጥ ነው። በ1985 የወጣው አይ ትሪፕል ኢ 754 የተሰኘው መስፈርት ለአንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር 53 ቢት፣ ለባለ 32 ቢት ደግሞ 24 ቢት ትርጉም ያለው አሃዝ ይመድባል። የአሃዙ ብዛት የተወሰነ በመሆኑ ድምሩ በጨመረ ቁጥር በሁለት አጎራባች ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። በባለ 32 ቢቱ ይህ ጎልቶ ይታያል። አንድ ሳንቲም፣ ማለትም 0.01፣ በተደጋጋሚ የሚደመርበት ድምር 131,072 ብር ሲደርስ ክፍተቱ 0.015625 ብር ይሆናል። ከዚያ በኋላ የምትገባው እያንዳንዷ ሳንቲም እንደ አንድ ተኩል ሳንቲም ተቆጥራ ድምሩን ያለአግባብ ታሳድገዋለች። 262,144 ብር ሲደርስ ክፍተቱ 0.03125 ብር ይሆናል፤ አንድ ሳንቲም የክፍተቱን ግማሽ ስለማትሞላ ድምሩ ወደነበረበት ይጠጋጋል። ከዚያ ወዲያ ሚሊዮን ሳንቲም ቢጨመር ድምሩ ንቅንቅ አይልም፤ የስሕተት መልእክትም አይወጣም። በፖስትግሬስ ዳታቤዝ `real` የተባለው የዓምድ ዓይነት ይኸው ባለ 32 ቢት ቁጥር ነው።

በየመደመሩ መጠጋጋት መኖሩ ሌላም መዘዝ አለው፦ ድምሩ በቅደም ተከተሉ ላይ ጥገኛ ይሆናል።

```python
(0.1 + 0.2) + 0.3   # 0.6000000000000001
0.1 + (0.2 + 0.3)   # 0.6
```

ይህ በአንድ ተቋም መዝገብ ላይ ምን እንደሚያስከትል ማየት ቀላል ነው። አንድ ሪፖርት ግብይቶቹን በቅርንጫፍ፣ ሌላው በቀን ከፋፍሎ ቢደምራቸው፣ መረጃው አንድ ሆኖ ሳለ ጠቅላላ ድምሮቹ ሊለያዩ ይችላሉ። የፕሮግራም ቋንቋው ሥሪት እንኳ መልሱን ይለውጣል። የፓይተን `sum` ተግባር አስር 0.1ዎችን ደምሮ ቀድሞ 0.9999999999999999 ይል የነበረ ሲሆን፣ ከ3.12 ሥሪት ጀምሮ የአደማመር ስልቱ በመሻሻሉ 1.0 ይላል። ማሻሻያው መልካም ነው። ሆኖም ያለፈ ዓመት ሪፖርት በዚህ ዓመት ሲደገም ሌላ ቁጥር ከሰጠ፣ የትኛው እንደሚታመን ለኦዲተር ማስረዳት የሚኖርበት ሰው ይኖራል።

«መጨረሻ ላይ ይጠጋጋል» የሚለው መከራከሪያ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሒሳብ በሚታረቅበት ጊዜ ሁለት ድምሮች ፈጽሞ እኩል የማይሆኑ ከሆነ፣ ፕሮግራመሩ «ልዩነቱ ከአንድ ሳንቲም ካነሰ እኩል ናቸው» የሚል ደንብ ለመጻፍ ይገደዳል። መዝገቡ ሲያድግ ደንቡ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ያበዛል፤ በዚህም የተፈቀደው ልዩነት ወደ አስር ሳንቲም፣ ቀጥሎም ወደ አንድ ብር ከፍ ይደረጋል። ያን ጊዜ ሳይመዘገብ የቀረ የ10 ሳንቲም ክፍያ ከመጠጋጋት ስሕተት ሊለይ አይችልም። ጉዳቱ ኮምፒውተሩ በፈጠረው ጥቃቅን ልዩነት ላይ አያበቃም፤ ልዩነቱ እውነተኛ ስሕተት የሚሸሸግበት መጋረጃ ይሆናል።

መፍትሔው የመለኪያ አሃዱን መለወጥ ነው። 0.1 ብር የነበረው 10 ሳንቲም ተብሎ በሙሉ ቁጥር ይያዛል፤ ነጥቡ የሚመለሰው ለሰው ዓይን በሚታተምበት ጊዜ ብቻ ነው።

```python
total = 0
for _ in range(1_000_000):
    total += 10
print(total == 10_000_000)  # True
```

ሙሉ ቁጥሮች ሲደመሩ የሚጠጋጋ ነገር የለም። ቅደም ተከተሉ ቢለወጥ፣ በቅርንጫፍም ሆነ በቀን ቢከፋፈል፣ መልሱ አንድ ነው። የሒሳብ ማስታረቂያውም ደንብ ወደ ቀድሞ ግልጽነቱ ይመለሳል፤ ልዩነቱ ዜሮ ካልሆነ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው። የአቅም ወሰኑ ግን መታወቅ አለበት። ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር የሚይዘው እስከ 2,147,483,647 ሳንቲም ነው፤ ይህም ከ21.5 ሚሊዮን ብር በታች በመሆኑ ለተቋም መዝገብ አይበቃም። ባለ 64 ቢቱ ከ92 ሺህ ትሪሊዮን ብር በላይ ይይዛል። በጃቫስክሪፕት ተራው ቁጥር ሙሉ ቁጥሮችን ያለ ስጋት የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ሲሆን፣ ይህም በሳንቲም ሲሰላ ወደ 90 ትሪሊዮን ብር ገደማ ነው።

ወደ ሳንቲም የሚደረገው ሽግግር ራሱ ወጥመድ አለው። `int(19.99 * 100)` የሚለው መስመር 1999 ሳይሆን 1998 ይሰጣል፤ የማባዛቱ ውጤት 1998.9999999999998 ሆኖ ከነጥቡ በኋላ ያለው ስለሚቆረጥ ነው። ስለዚህ የተጻፈው መጠን በተንሳፋፊ ነጥብ በኩል ማለፍ የለበትም። እንደ ጽሑፍ ተነብቦ በነጥቡ ላይ ተከፍሎ ብሩና ሳንቲሙ ለየብቻ ወደ ሙሉ ቁጥር ሊለወጡ ይገባል።

ማባዛትና ማካፈል ባሉበት ደግሞ ሳንቲም ብቻውን አያድንም። ዋጋው 10.03 ብር በሆነ ዕቃ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 150.45 ሳንቲም ይመጣል። ሦስት ዕቃዎች ተሸጠው ታክሱ በየዕቃው ከተጠጋጋ 450 ሳንቲም፣ በጠቅላላው ላይ ከተጠጋጋ ግን 451 ሳንቲም ይሆናል። የትኛው ይሁን የሚለው የደንብ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ኮምፒውተሩ አያውቀውም። 100 ብርም ለሦስት ሰዎች ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 3,333 ሳንቲም ደርሶ አንድ ሳንቲም ይተርፋል፤ የሚተርፈው ለማን እንደሚሰጥ በኮዱ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ይህን ውሳኔ ችላ ማለት የሚያስከትለውን ጉዳት የካናዳው የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ አሳይቷል። የገበያው መለኪያ በ1982 ከ1,000 ተነሥቶ በየቀኑ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሰላ ነበር። በእያንዳንዱ ስሌት ከሦስተኛው የአስርዮሽ አሃዝ በኋላ ያለው ከመጠጋጋት ይልቅ ይቆረጥ ስለነበር ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ ታች ያዘነብል ነበር። በኅዳር 1983 መለኪያው 524.811 ላይ ደርሶ ሳለ እንደገና ሲሰላ ትክክለኛው ዋጋ 1098.892 ሆኖ ተገኘ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚቆርጥ ደንብ በሙሉ ቁጥር ላይም ቢሠራ ተመሳሳይ ውጤት ያመጣል። የሙሉ ቁጥር ጥቅም መጠጋጋትን ማስቀረቱ አይደለም፤ በየመደመሩ ተበትኖ የነበረውን መጠጋጋት ወደ አንድ የሚታይና ሊጠየቅ ወደሚችል የኮድ መስመር መሰብሰቡ ነው።

የአስርዮሽ ዓይነቶች፣ ለምሳሌ የዳታቤዞቹ `NUMERIC` ወይም የጃቫ `BigDecimal`፣ ለዚሁ ችግር ተገቢ አማራጮች ናቸው፤ የወለድ ስሌት ከሳንቲም በታች አሃዝ በሚፈልግበት ቦታ እንዲያውም ይመረጣሉ። ነገር ግን ገንዘቡ ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላው በጄሰን መልክ ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ 19.99ን ብዙ ጊዜ ወደ ተንሳፋፊ ነጥብ ቀይሮ ያነበዋል። 1999 ግን በየትኛውም ወገን 1999 ነው። መሟላት ያለበት ተጨማሪ ነገር የገንዘቡ ዓይነት አብሮ መላኩ ነው። የኩዌት ዲናር በ1,000 ፊልስ ስለሚከፈል፣ የጃፓን የን ደግሞ ንዑስ አሃድ በሥራ ላይ ስለሌለው፣ በሁሉም ቦታ በ100 የሚያካፍል ኮድ ከኩዌት የተላከን ገንዘብ አስር እጥፍ አድርጎ ያሳያል።

አንድ ነባር ሥርዓት በዚህ ችግር መጠቃቱን ለማወቅ ረጅም ምርመራ አያስፈልግም። የገንዘብ ዓምዶቹ ዓይነት ይታያል፤ ቀጥሎ የአንድ ወር ግብይት አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው፣ ሌላ ጊዜ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይደመራል። ሁለቱ ድምሮች በአንድ አሃዝ እንኳ ከተለያዩ መዝገቡ ገንዘብን የያዘው በግምት ነው። እኩል ሆነው ቢገኙ ደግሞ የዓምዱ ዓይነት ተንሳፋፊ ነጥብ እስከሆነ ድረስ የዚያ ወር እኩልነት ለሚቀጥለው ወር ዋስትና አይሆንም።