«ለስኳር ይረዳል»ም ያው ነው

ቡላኦስ ውስጥ የሽፈራው ሻይ የምንሸጥ ሰዎች «ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» ማለቱን ትተን «ለስኳር ይረዳል» ስንል ብልጥ የሆንን ይመስለናል። ያው ነው! የበሽታው ስም ካለ ገዢው መድኃኒት ብሎ ነው የሚያነበው። «አንዲት ደንበኛችን ተሻላት» ማለትም ከዚያ አይለይም።

ክኒኑን ያቋረጠ ሰው ስኳሩ ይወጣበታል። ደርቦ የጠጣው ደግሞ፣ ሽፈራው ራሱ ስኳር ሊያወርድ ስለሚችል፣ አልቦትና ተንቀጥቅጦ ሊወድቅ ይችላል። የበሽታ ስም የምንጠራው ለማስጠንቀቂያ ብቻ ይሁን። እኛ አሁን እንዲህ ነው የምንጽፈው፦

«የሽፈራው ቅጠል ሻይ። በኮንሶ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። መድኃኒት አይደለም። የስኳር ወይም የግፊት ክኒን የሚወስዱና እርጉዞች ሐኪም ሳያማክሩ አይጠጡ። ክኒንዎን አያቋርጡ።»

ገበያ ይቀንሳል ትሉናላችሁ። ይቀንስ።