«ለምን ለቀቅሽ?» ለሚል የቴሌግራም መልእክት ሐተታ አይጻፍም፣ «ለተሻለ ዕድል»ም አይጻፍም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ሲቪ አስገብታችኋል፣ ከሪክሩተሩ ደግሞ እንዲህ የሚል መልእክት መጣላችሁ፦ «ሰላም፣ ሲቪዎን ተመልክተናል። ከመደወላችን በፊት የመጨረሻ ሥራዎን ለምን እንደለቀቁ በአጭሩ ይጻፉልን።» ከዚያ «ምን ልበል?» ትሉኛላችሁ።

አስተያየት መስጫው ላይ የምታገኙት ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «እውነቱን ጻፊ፣ ምን ያስፈራል?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ለተሻለ ዕድል በይና እለፊ፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው» ይላል። ሁለቱም ምክሮች ሥራ ያሳጣሉ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልዘርዝር።

መጀመሪያ ጽሑፋችሁ የት እንደሚሄድ እንይ። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጥራችሁ ሰው አይደለም። መልሳችሁን ቀድቶ እንደ እናንተ ያሉ ሃያ ሠላሳ ሰዎች ስም የተደረደረበት ኤክሴል ላይ ይለጥፈዋል። የክፍሉ ኃላፊ ያንን ሳጥን በአምስት ሰከንድ ያነበዋል። ድምፃችሁን አይሰማም፣ ፊታችሁን አያይም፣ «ማለት የፈለግኩት እኮ...» ብላችሁ የምታስተካክሉበት ዕድል የላችሁም። በስልክ ቢሆን የተናገራችሁት እያደር ይረሳል፣ የጻፋችሁት ግን አይረሳም። ከወር በኋላ የቀድሞ መሥሪያ ቤታችሁ ተደውሎ ሲጠየቅ መልሱ ከእናንተ ጽሑፍ ጎን ተቀምጦ ይነበባል።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው «ለምን?» ቢልም በዚህ ደረጃ ማወቅ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው። በራስሽ ፈቃድ ነው የለቀቅሽው ወይስ አሰናብተውሽ ነው? ንብረትና ሥራ አስረክበሽ በሰላም ወጥተሻል ወይ? መቼ መጀመር ትችያለሽ? ሕይወታችሁን እንድትተርኩ የጠየቃችሁ የለም። እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

አሁን ወደ «ለተሻለ ዕድል» ልምጣ። ይህ መልስ የሚሠራው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ ከአንድ ሥራ በቀጥታ ወደ ሌላ ሥራ ስትዘዋወሩ። ሲቪያችሁ ላይ የመጨረሻው ሥራ በጥር አልቆ አሁን ግንቦት ከሆነ፣ አንባቢው ቀኑን አይቶ «የተሻለው ዕድል የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። አራት ወር ቤት መቀመጥ ነውር አይደለም። ነውሩ፣ ቀኑ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፎ እያለ የማይገጥም ነገር መጻፍ ነው። መልሱ ውሸት ባይሆን እንኳ የሆነ ነገር የደበቃችሁ ያስመስላል። የደበቀ የመሰለ ሰው ደግሞ አይደወልለትም።

«እውነቱን ሁሉ ጻፊ» ለሚሉት ደግሞ አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ትሠራ ነበር። ልትልክ ያዘጋጀችው መልስ ይህ ነበር (በፈቃዷ ነው የማወጣው)፦

«ሥራዬን የለቀቅኩት ደመወዝ በወቅቱ ስለማይከፈል ነው። አምስት ወር ሙሉ በወሩ መጨረሻ ተከፍሎን አያውቅም። ሥራ አስኪያጁን ስንጠይቀው ይቆጣል፣ የሒሳብ ክፍል ኃላፊውም ዘመዱ ስለሆነ የሚሰማን አልነበረም። የሦስት ሰው ሥራ ብቻዬን ነበር የምሠራው። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አልቆ ለቀቅኩ።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ልጅቷን አውቃታለሁ። ግን ከማያውቃት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠን እናንብበው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጥሩ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ማንንም አይሰድብም። ሁለተኛው ዝርዝር ነው፣ በስልክ ሲጠየቅ የሚነገር። ሦስተኛው ላይ ነገሩ ይበላሻል። ስለ ክፍያ የነበረው ወሬ ስለ ሰዎች ጠባይና ዝምድና ሆነ። አንባቢው ይህን ማረጋገጥ አይችልም፤ ማሰብ የሚችለው «ነገ ስለ እኛስ ምን ትጽፍ ይሆን?» ብሎ ነው። ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የሒሳብ ሰው ከሒሳብ ሰው ይተዋወቃል። ያ ኃላፊ የአንባቢው የክፍል ጓደኛ ላለመሆኑ ማን ዋስትና ይሰጣል?

አራተኛው ያስቆጫል። የሦስት ሰው ሥራ መሥራት ማለት እኮ ችሎታ ነው! ደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ የባንክ ማስታረቅና የግብር ማስታወቂያ ብቻዋን ታዘጋጅ ነበር። ቦታው ሲቪው ላይ ሆኖ ሳለ እሮሮ ውስጥ ቀበረችው። አምስተኛው ከሁሉ ይብሳል። «ትዕግሥቴ አልቆ ለቀቅኩ» የሚለውን ያነበበ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ቁልፍ ወርውራ የወጣች ይመስለዋል። የሆነው ግን ሌላ ነው። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥታ፣ የወሩን ሒሳብ ዘግታ፣ ፋይሎቹን በፊርማ አስረክባ ነው የወጣችው። ለእሷ የሚመሰክርላት ትልቁ ነገር ከጽሑፉ ጠፍቷል።

ያስተካከልነው መልስ ይኸውላችሁ፦

«ድርጅቱ ደመወዝ በወቅቱ መክፈል ስላልቻለ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼና ሥራዬን አስረክቤ በጥር ወር በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ። ክሊራንስና የሥራ ልምድ ደብዳቤ በእጄ ስላለ ወዲያው መጀመር እችላለሁ።»

በቃ። ደመወዝ መዘግየቱን አልደበቅንም፤ የአራቱን ወር ክፍተት የሚያስረዳው እሱ ነው። መለኪያዬ አንድ ነው፦ የቀድሞ አለቃሽ ይህን ጽሑፍ ቢያነበው «ውሸት ነው» ማለት ይችላል? ደስ ላይለው ይችላል፣ ግን የባንክ መግለጫሽ ላይ ያለውን ቀን መካድ አይችልም። «ይቆጣል» እና «ዘመዱ ነው» ግን ይህን ፈተና አያልፉም፤ ሊክደው ይችላል፣ አንቺም ማስረጃ የለሽም።

ከመላካችሁ በፊት ሁለት ወረቀት አውጡ፦ ያስገባችሁትን የመልቀቂያ ደብዳቤና የተሰጣችሁን የሥራ ልምድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። የለቀቃችሁበት ምክንያት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ነገር ግን ብዙ ድርጅት «በራሳቸው ፈቃድ» ወይም «ውላቸው በመቋረጡ» የሚል ሐረግ ይጨምርበታል። መልቀቂያችሁ ላይ «በግል ጉዳይ» ብላችሁ ጽፋችሁ ከነበረ፣ አሁን «ደመወዝ ስለዘገየ» ስትሉ ሁለቱ እንደሚጋጩ እወቁ። ያኔ «በራሴ ፈቃድ» የሚለውን አስቀድሙና ምክንያቱን ለስልኩ ተዉት። (አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛንና የሥራ መሪን አይመለከትም። የእነሱ ሕግ ሌላ ነው።)

«እኔ ግን አሰናብተውኝ ነው» የምትሉ አላችሁ። እናንተም አትዋሹ። ድርጅቱ ሠራተኛ ቀንሶ ከሆነ «በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት» ብላችሁ ጻፉ፤ ማንም አይፈርድባችሁም። ኮንትራት ከሆነ «ውሌ ስላለቀ» በሉ። በጥፋት ተብሎ ከሆነ ደግሞ «ውሌ በድርጅቱ በኩል ተቋርጧል፣ ሁኔታውን በስልክ ባስረዳ እመርጣለሁ» በሉ። አንዳንዱ እዚያው ይተዋችኋል፣ ይህን አልደብቃችሁም። ግን «በራሴ ፈቃድ» ብላችሁ ተቀጥራችሁ በሙከራ ጊዜያችሁ ቢደረስበት፣ ያኔ ሁለተኛ ስንብት ይመጣል። ጉዳያችሁ ፍርድ ቤት ወይም ቦርድ ላይ ከሆነ ስለ ክርክሩ አንድ መስመርም አትጻፉ።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ። «መምህር፣ አለቃዬ ተንኩሶኛል፣ አዋርዶኛል፤ ይህን ትቼ 'በራሴ ፈቃድ' ማለት ግፉን መሸፈን አይደለም ወይ?» ያለችኝ አለች። አይደለም፣ እህቴ። ግፍ የሚጻፈው ሊያስቆመው ወይም ሊክሰው ለሚችል ነው። አዋጁ ራሱ በአንቀጽ 32 ወሲባዊ ትንኮሳ የደረሰባት ወይም አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን ደጋግሞ የጣሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ እንድትለቅ ይፈቅዳል። ያኔ ግን ምክንያቷን ለአሠሪው በጽሑፍ እንድትገልጽ ያዛል። ሐተታው፣ ቀኑ፣ የምስክሩ ስም የሚገባው እዚያ ደብዳቤ ላይ፣ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪና ለፍርድ ቤት ነው። የማታውቂው ሪክሩተር ቴሌግራም ላይ ብትጽፊው ያ ሰው ምን ያደርግልሻል? ሊያደርግልሽ የሚችለው ነገር ኤክሴሉ ላይ ለጥፎ ለማታውቂያቸው ሰዎች ማሳየት ብቻ ነው። ቁስልሽን የምታሳዪው ለሐኪም እንጂ ለዘበኛ አይደለም።

በመጨረሻ እናንተ ሪክሩተሮች፣ ጥቂቶቻችሁ ተማሪዎቼ ነበራችሁና ልንገራችሁ። ከመደወላችሁ በፊት «ለምን ለቀቅክ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ፣ የዋሁ ሰው ልቡን ሲዘረግፍ «ነገረኛ ነው» ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። ዘዴኛው «ለተሻለ ዕድል» ሲላችሁ ታሳልፉታላችሁ። እንግዲህ ማንን እየመረጣችሁ ነው? ማወቅ የምትፈልጉት ውሉ እንዴት እንደተቋረጠና መቼ መጀመር እንደሚችል ከሆነ፣ ያንኑ ጠይቁ። «ለምን?» የሚለውን ግን ደውላችሁ ጠይቁት፣ ሰውየው ሲመልስም ድምፁን ስሙት።