ዕቃው ተመለሰ ማለት ገንዘቡ ተመለሰ ማለት አይደለም

አሜሪካ ውስጥ በኦንላይን ዕቃ ያዘዘ ሰው ስልኩን ከፍቶ "Return to Sender" የሚል ጽሑፍ ሲያይ ብዙ ጊዜ ከሁለት ስህተቶች አንዱን ይሠራል። አንዱ "ዕቃው ሻጩ እጅ ከገባ ገንዘቤን ራሱ ይመልሳል" ብሎ ዝም ይላል። ሌላው በንዴት ባንኩ ጋ ደውሎ "ዕቃው አልደረሰኝም" ብሎ ያመለክታል። የመጀመሪያው ጊዜ ያልፍበታል፤ ሁለተኛው እውነት ይዞ ሊረታ ይችላል። ሁለቱም የዘለሉት ጥያቄ አንድ ነው፤ ዕቃው የተመለሰው በምን ምክንያት ነው?

የአሜሪካ ፖስታ ቤት ዕቃ ሲመልስ ምክንያቱን ይጽፋል። መከታተያ ቁጥሩን ሲያስገቡ ይታያል። "Unclaimed" ከሆነ ፖስተኛው መጥቶ ሰው አጥቶ ማስታወቂያ ትቶ ሄዷል፤ የሚወስደው ሰው ግን አልመጣም ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልል ነገር አለ። ፖስተኛው ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ በር ያንኳኳል ብለው ይጠብቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚመጣው አንዴ ነው። ወረቀቱን ትቶ ከሄደ በኋላ እንደገና እንዲመጣ መጠየቅ ወይም መታወቂያ ይዞ ፖስታ ቤት መሄድ የተቀባዩ ሥራ ነው። ተራ የአገር ውስጥ ዕቃ በአብዛኛው የሚቆየው 15 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ላኪው ይመለሳል።

"Insufficient Address" ከሆነ አድራሻው ጎዶሎ ነው፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው የአፓርታማው ቁጥር ነው። "Attempted - Not Known" ከሆነ ደግሞ በዚያ አድራሻ በዚህ ስም የሚታወቅ ሰው የለም ተብሏል። ይህኛው በተለይ ሐበሻን ይነካል። የመኖሪያው ውል በአንድ ሰው ስም ይሆንና ክፍል የተከራየው ሌላው ስሙ የፖስታ ሳጥኑ ላይ የለም። ወይም ዕቃውን በቤት ስሙ ያዝዛል፤ መታወቂያው ላይ ያለው ግን ሌላ ስም ነው። ስሙን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ መታወቂያው ላይ ባለው አጻጻፍ ማዘዝ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት የነርስ ረዳት አለች እንበል። የ86 ዶላር የክረምት ጃኬት አዘዘች፤ ለማጓጓዣ 9 ዶላር ጨመረች፤ በጠቅላላው 95 ዶላር በክሬዲት ካርድ ከፈለች። ከሳምንት በኋላ መከታተያው "Insufficient Address" አለ። ሻጩ በመልእክት የሰጣት መልስ አጭር ነው፤ "አድራሻሽ ስህተት ስለሆነ እንደገና እንዲላክ 9 ዶላር ክፈይ።"

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይከፍላል ወይም ይጣላል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ሲታዘዝ በኢሜይል የመጣው ማረጋገጫ ነው። እሷ የጻፈችው አድራሻ እንዳለ እዚያ ላይ ሰፍሯል። ማረጋገጫው ላይ የአፓርታማ ቁጥር 412 ካለ፣ ቁጥሩ የጠፋው ሻጩ ዕቃው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ሲያትም ነው። ስለዚህ የወረቀቱን ፎቶ እንዲልክላት ትጠይቅ። ቁጥሩ ከሌለበት ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ወይ 95ቱ ዶላር በሙሉ ይመለሳል፣ ወይ ጃኬቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና ይላካል።

ማረጋገጫው ላይ 412 ከሌለስ? ስህተቱ የእሷ ነው፤ መካድ አይጠቅማትም። ግን ስህተት ሠራች ማለት ጃኬቱንም 86 ዶላሩንም አጣች ማለት አይደለም። ሻጩ ጃኬቱን መልሶ ይዟል፤ ለሌላ ሊሸጠው ይችላል። የከሰረው የማጓጓዣውን ነው። ፍትሐዊው ሂሳብ 9ኙን ዶላር አስቀርቶ 86ቱን መመለስ ነው፤ ጃኬቱን የምትፈልገው ከሆነም የሁለተኛውን ማጓጓዣ ብቻ መክፈል። ዕቃውንም ገንዘቡንም ይዞ "የሱቃችን ደንብ ነው" የሚል ሻጭ ግን ለአንድ ጃኬት ሁለት ጊዜ ሊከፈለው የፈለገ ሰው ነው።

ጥያቄው በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ አንድ ነገር ብቻም ይጠይቅ። "ገንዘቤን መልሱ ወይም ላኩልኝ ወይም የሆነ ነገር አድርጉ" የሚል መልእክት ለሻጩ ጊዜ መግዣ ነው። የትእዛዙ ቁጥር፣ የመከታተያው ቁጥር፣ የተመለሰበት ምክንያት፣ የሚጠየቀው ገንዘብ ልክና መልስ የሚጠበቅበት ቀን ይበቃሉ። እንደገና ይላክ ከተባለ የተስተካከለው አድራሻ በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ አዲስ መከታተያ ቁጥርም ይምጣ። አዲስ ቁጥር ካልመጣ ምንም አልተላከም ብሎ መያዝ ነው።

የባንኩ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ክሬዲት ካርድን በሚመለከተው የፌዴራል ሕግ መሠረት ቅሬታው ክፍያው መጀመሪያ የታየበት ወርሃዊ ሂሳብ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለካርድ ሰጪው መድረስ አለበት። "ዕቃው ሲደርሰን እንመልሳለን" የሚለው የሻጭ መልስ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። መልሱ ጨዋ ነው፤ ቀኑ ግን እየነጎደ ነው። ስለዚህ ገዢዋ 60ኛውን ቀን ስልኳ ላይ ምልክት ታድርግበት። ዴቢት ካርድ ይህ ሕግ አይሸፍነውም፤ እዚያ የሚሠራው የባንኩና የካርዱ ድርጅት ደንብ ስለሆነ ቶሎ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

ቅሬታው ምን ይላል የሚለውም ወሳኝ ነው። "አልደረሰኝም" ከተባለ ባንኩ የሚያጣራው ዕቃው በስምምነቱ መሠረት መላኩን ነው። ሻጩ በተሰጠው አድራሻ እንደላከ ካሳየ፣ በተለይ አድራሻው የጎደለው በገዢዋ ስህተት ከሆነ፣ ልትረታ ትችላለች። ሻጩ በጽሑፍ "እንመልሳለን" ብሎ፣ መከታተያውም ዕቃው ሻጩ እጅ መግባቱን እያሳየ ገንዘቡ ካልመጣ ግን ቅሬታው ሌላ ነው፤ "ሊመለስልኝ የሚገባው ገንዘብ ሂሳቤ ላይ አልገባም" የሚል። ይህንንም ሕጉ ያውቀዋል። ለማስረጃም የሻጩ መልእክትና የመከታተያው ገጽ ፎቶ ይበቃሉ። ገጹ ከጊዜ በኋላ ሊጠፋ ስለሚችል ፎቶው በዕለቱ ይነሣ።

ለሻጩም መፍረድ ተገቢ ነው። በርበሬና ሽሮ፣ የሐበሻ ቀሚስ ከቤቱ እያሸገ የሚልክ ትንሽ ነጋዴ ዕቃው በተመለሰበት ቁጥር የላከበትን ያጣል፤ እንደገና ሲልክም እንደገና ይከፍላል። 15 ቀን ሙሉ ወረቀቱን አይቶ ፖስታ ቤት ያልሄደ ገዢ "ማጓጓዣውንም መልስልኝ" ቢለው ግፍ ነው። ሻጩም ግን የተመለሰውን ካርቶን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ገዢው እስኪደውል መጠበቅ የለበትም። ካርቶኑ በገባበት ቀን "ዕቃው ተመልሷል፤ ልላከው ወይስ ገንዘቡን ልመልስ?" ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን የማይጽፍ ሻጭ ገዢው እንዲረሳ ተስፋ እያደረገ ነው ቢባል አይበዛበትም።