«ሎግ አድርጌዋለሁ» ማለት አስተካክያለሁ ማለት አይደለም

«ሲስተም የለም» መባል ሁላችንንም ያማርረናል። ተሰልፈን፣ ፎርም ሞልተን፣ ተራችን ሲደርስ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ»። ዛሬ ግን ስለሚብሰው ነው የምጽፈው። ሲስተሙ አለ፣ «ተሳክቷል» ብሎም ነግሯችኋል፤ ሥራው ግን አልተሠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሌላ ጉዳይ ላይ ልጽፍ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። አንዲት እናት መስኮቱ ጋ ቆመው ስልካቸውን ያሳያሉ። ስልኩ ላይ «1,500 ብር ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት አለ። የማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ ግን ያ ገንዘብ የለም። ሠራተኛው ደጋግሞ ያያል፣ ደጋግሞም «እማማ፣ ሲስተሙ ላይ አይታይም» ይላቸዋል። ከኋላ ከተሰለፉት አንዱ «መልእክት እኮ ፎርጅድ ይሠራል» አለ። እናትየው ሰምተውታል። ፊታቸው ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር። ያላጠፉት ሰው አፈሩ።

የማኅበሩን ስም አልጠራም። ገንዘባቸው ከቀናት በኋላ ተገኝቶ ተመዝግቦላቸዋል። እኔን ያብከነከነኝ ምክንያቱ ነው። ፕሮግራሙን ከሠራው ትንሽ ቡድን ውስጥ አንድ ወዳጄ ስላለ ጠየቅሁት። ስድስት መስመር ኮድ አሳየኝ። ፕሮግራመር ያልሆናችሁም አትሽሹ፣ ቀላል ነው።

```java
try {
    ledger.credit(account, amount);
} catch (Exception e) {
    log.error("credit failed", e);
}
sms.sendReceipt(phone, amount);
```

በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ ገንዘቡን መዝገብ ላይ ለመጻፍ ሞክር። ማንኛውም ችግር ከገጠመህ የውስጥ ማስታወሻ ፋይል ላይ «ምዝገባው አልተሳካም» ብለህ ጻፍ። ከዚያ ለደንበኛው ደረሰኝ ላክ።

የመጨረሻዋን መስመር ልብ በሉ። ደረሰኙ የሚላከው ምዝገባው ሲሳካ ብቻ አይደለም። ባይሳካም ይላካል። `catch` የሚለው ክፍል ስሕተቱን ተቀብሎ ማስታወሻ ጻፈና ዝም አለ፤ ፕሮግራሙም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቀጣዩ መስመር አለፈ። ያን ዕለት የወር መጨረሻ ነበር፣ ከፋዩ በዝቷል። ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት 10 መስመር ብቻ ነበረው። አሥሩም ሲያዙ ቀጣዩ ክፍያ ተራ ጠብቆ፣ ጠብቆ ጊዜው አለፈበት። ስሕተቱ ተነሣ፣ ተያዘ፣ ተጻፈ፣ ተረሳ። ደረሰኙ ግን ሄደ።

ይሄ የተጠገነ ታሪክ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከቡድኑ ወጣቶች አንዱ የብድር ክፍያ የሚቀበለውን አዲስ ክፍል ጽፎ ለግምገማ አቀረበ። ያው ስድስት መስመር እዚያም አለ። ወዳጄ ከኮዱ ጎን አስተያየት ጻፈለት። እርስ በርስ የሚጻጻፉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህን ግን በአማርኛ ጻፈው። አስፈቅጄው እነሆ፦

«ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ስሕተቱን ይዘኸዋል፣ ግን ለማንም አልነገርክም። ሎግ የሚጻፈው ነገ ለሚያነብ ሰው ነው። አሁን ማወቅ ያለበት ግን ይህን ፈንክሽን የጠራው ኮድ ነው፣ እሱ ደግሞ ሎግ አያነብም። እሱ የሚያየው ፈንክሽኑ በሰላም መመለሱን ብቻ ስለሆነ፣ ተሳክቷል ብሎ ደረሰኝ ይልካል። ለከፋዩ ድርጅት ሰርቨርም 200 ብለን እንመልሳለን፤ ደርሶናል ማለት ነው፣ ስለዚህ ድጋሚ አይልክልንም። ብሩ የገባበት ሳይታወቅ ይቀራል። ደግሞ `Exception` ብለህ ሁሉንም ስለያዝክ፣ የዳታቤዝ ችግር ብቻ ሳይሆን የራሳችን የኮድ ስሕተትም እዚሁ ይቀበራል። ቴስቱ አረንጓዴ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ከዚህ ፈንክሽን ምንም ስሕተት ወጥቶ ሊታይ አይችልም። ምን ማድረግ እንዳለብህ የማታውቅ ከሆነ አትያዘው። ይውጣ።»

ወጣቱ የመለሰው መልስ ብዙ ቡድን ውስጥ የሚሰማ ነው፦ «ሲስተሙ እንዳይወድቅ ብዬ ነው እኮ።»

ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ነው ጠቤ። ያልወደቀው ምኑ ነው? ሰርቨሩ አልወደቀም፣ እውነት ነው። የመከታተያ ሰሌዳው አረንጓዴ ሆኖ ዋለ። የወደቁት እናትየው ናቸው። ውድቀቱ አልቀረም፤ ቦታ ብቻ ቀየረ። ሊረዳው ከሚችል ባለሙያ ፊት ተነሥቶ ምንም ከማያውቁ ደንበኛና ከአንድ የመስኮት ሠራተኛ ፊት ተጣለ። «ክፍያው አልተመዘገበም፣ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ደረቅ መልእክት በዚያች ደቂቃ ቢመጣላቸው ኖሮ ተናደው እንደገና ይሞክሩ ነበር፤ ያፈሩበት ቀን አይኖርም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረታችን ለኮድም ይሠራል።

ሁለተኛው መከላከያ «ሎግ ላይ እኮ አለ» የሚለው ነው። አዎ አለ። ወዳጄ በኋላ ሲፈልግ በዚያ ዕለት ሰባት «ምዝገባው አልተሳካም» የሚሉ መስመሮች አገኘ። ሰባቱም ማንም በማይከፍተው ፋይል ውስጥ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ሌሎች መስመሮች መሐል ተኝተው ነበር። የተገኙትም እናትየው ስለጮሁ እንጂ ሎጉ ስለጮኸ አይደለም። የቀሩት ስድስት ሰዎች ገና አላወቁም ነበር።

«ሎግ ላይ አለ» የሚለው ቃል የት እንደሚያደርስ ለማየት አሜሪካ ድረስ መሄድ ይቻላል። ናይት ካፒታል የሚባል የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ገበያው ከመከፈቱ በፊት የራሱ ሲስተም ለሠራተኞቹ 97 ኢሜይሎች ላከ፤ ችግሩን የሚጠቁሙ ነበሩ። እንደ ማንቂያ ታስበው የተሠሩ ስላልነበሩ ማንም እርምጃ አልወሰደባቸውም። ገበያው ተከፈተ፣ ሲስተሙ ያልተፈለገ ግዢና ሽያጭ መርጨት ጀመረ፣ በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ድርጅቱ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። እዚያ የነበረው ጥፋት ሌላ ዓይነት ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። የተጻፈ ነገር ሁሉ ተነግሯል ማለት አይደለም።

«ይሄ የጀማሪ ስሕተት ነው» የሚለኝ ካለ ደግሞ እንዲህ እመልሳለሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ታላላቅ ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸውን አምስት ሶፍትዌሮች፣ ካሳንድራን፣ ኤችቤዝን፣ ኤችዲኤፍኤስን፣ ማፕሪዲዩስንና ሬዲስን መረመሩ። በተጠቃሚዎች ሪፖርት ከተደረጉት ብልሽቶች 198ቱን መርጠው አጠኑ። ከእነዚህ ውስጥ ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ ከጣሉት ወይም ብዙ ተጠቃሚን ከጎዱት 92 በመቶው የመጡት ፕሮግራሙ ራሱ «ስሕተት አለ» ብሎ በግልጽ ከተናገረ በኋላ፣ ስሕተቱን የሚያስተናግደው ኮድ ስላበላሸው ነው። 35 በመቶው ደግሞ ኮዱን በዓይን በማየት ብቻ ሊያዙ የሚችሉ ተራ ጥፋቶች ነበሩ፤ ባዶ የሆነ ወይም ሎግ ብቻ የሚጽፍ የስሕተት ክፍል ከእነዚህ አንዱ ነው። እነዚህን የጻፉት ጀማሪዎች አይደሉም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወዳጄ የጠየቀው ለውጥ ይህን ያህል ነው፦

```java
try {
    ledger.credit(account, amount, txId);
} catch (SQLException e) {
    throw new CreditFailedException(txId, e);
}
sms.sendReceipt(phone, amount);
```

ሦስት ነገር ተቀየረ። የሚያዘው የዳታቤዝ ስሕተት ብቻ ሆነ። ከተያዘም በኋላ የክፍያው መለያ ቁጥር ተጨምሮበት፣ ዋናው ምክንያትም ሳይጠፋ፣ ወደ ላይ ተወረወረ። ስለዚህ ወደ ደረሰኙ መስመር አይደረስም። ከላይ ያለው ኮድ ክፍያውን «በመጠባበቅ ላይ» ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ለከፋዩ ሰርቨርም «አልተቀበልኩም» ብሎ ይመልሳል፣ ያም በኋላ እንደገና ይልከዋል። ያው ክፍያ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የሚጠብቀው መለያ ቁጥሩ ነው፤ መዝገቡ አንድን ቁጥር ሁለት ጊዜ አይቀበልም። ሎጉም አልቀረም፤ ስሕተቱ ላይ ውሳኔ በሚሰጥበት ቦታ አንዴ ይጻፋል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሎግ ብቻ ጽፎ ማለፍ ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ። ገንዘቡ ተመዝግቦ ካበቃ በኋላ የደረሰኙ ኤስኤምኤስ ባይሄድ ምዝገባውን ማፍረስ ሞኝነት ነው። እዚያ ስሕተቱን ይዞ፣ ጽፎ መቀጠል ይቻላል። ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ ወዳጄን ስጠይቀው መልሱ አጭር ነበር፦ «ቀጣዩ መስመር የቀደመው መሳካቱን አምኖ የሚሠራ ከሆነ አትለፍ። የማያምን ከሆነ እለፍ፣ ግን ለምን እንዳለፍክ እዚያው ጻፍ።»

ወጣቱ ኮዱን አስተካክሎ መለሰ። መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር አሉ። ቅር ይበለው፤ በመስኮቱ ፊት ከማፈር ይሻላል።

አሁን ወደ እናንተ። ከዚህ ቻናል አንባቢዎች ብዙዎቻችሁ ኮድ አትጽፉም፤ የማኅበር ኮሚቴ፣ የትምህርት ቤት ሒሳብ ሹም፣ የድርጅት ኃላፊ ግን ናችሁ። ሲስተም ሲሸጥላችሁ «አይወድቅም» ሲሏችሁ አታጨብጭቡ። ይልቅ ይህን ጠይቁ፦ ምዝገባ ሲከሽፍ ደንበኛው ምን መልእክት ይደርሰዋል? ፊታችሁ ዳታቤዙን ዘግተው አንድ ክፍያ ይሞክሩ። ደረሰኝ ከመጣ ሲስተሙን አትረከቡ። ሥራ ላይ ከዋለም በኋላ በየማታው የተላኩትን ደረሰኞች ቁጥርና መዝገብ ላይ የሰፈሩትን ገቢዎች ቁጥር አስተያዩ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አንድ ቦታ ላይ አንድ `catch` ዝም ብሏል።

«ሲስተሙ ላይ አይታይም» የሚለውንም ከመናገራችሁ በፊት አስቡበት። ሲስተሙ ላይ የማይታየው ሰዎቹ ስለዋሹ ላይሆን ይችላል፤ ሲስተሙ የሆነውን አውቆ ለራሱ ብቻ ጽፎት ሊሆን ይችላል።