የአፖቹን ስም ሳይሆን ስክሪኑን እናንብብ

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ ሕዝቡ እንዲጠነቀቅ ብላችሁ የኢንቨስትመንት አፖችን ስም ዘርዝራችሁ አይቻለሁ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። እነዚህ አፖች ስማቸውን እንደ ሸሚዝ ይቀያይራሉ። ይባስ ብሎ አንባቢው የያዘው አፕ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ «እንግዲያው የኔው ትክክለኛ ነው» ብሎ ይተማመናል። የባንክ ሠራተኛ ነኝና የማየው ይህንኑ ነው። ስሙን ትቶ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ሁለት ነገሮች፣ የቀን ትርፉንና የማውጫ ክፍያውን፣ ማንበብ ይበቃል ባይ ነኝ።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ ለማያውቁት ግለሰብ ሒሳብ ብር ሊያስገቡ መስኮቴ ጋ መጡ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ስልካቸውን አሳዩኝ። ከላይ በአረንጓዴ «ጠቅላላ ሒሳብ 86,400 ብር፣ የቀን ትርፍ 4%» ይላል። ከሥሩ በቀይ «ገንዘብዎን ለማውጣት 15% ታክስ፣ 12,960 ብር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይክፈሉ፤ አለዚያ አካውንትዎ ይታገዳል» የሚል አለ። ያስገቡት 5,000 ብር ሲሆን ሁለት ወር ተኩል ገደማ ሆኗቸዋል።

መጀመሪያ ትርፉን እንይ። ባንክ በዓመት 7 ከመቶ የቁጠባ ወለድ ይከፍላል እንበል፤ ለ5,000 ብር 350 ብር ማለት ነው። አፑ በቀን 4 ከመቶ፣ ማለትም 200 ብር እሰጣለሁ ይላል። ባንክ በዓመት የሚከፍለውን እሱ በሁለት ቀን አለፈው። ትርፉ በየቀኑ ዋናው ላይ እየተደመረ ዓመት ቢቀጥል 5,000 ብሯ ከ8 ቢሊዮን ብር በላይ ትሆናለች። ይህን ያህል የሚያተርፍ ሰው የእኔና የእርስዎን 5,000 ብር በቴሌግራም ምን አስለመነው? ገበያ ደግሞ አንድ ቀን ይወጣል፣ አንድ ቀን ይወርዳል። በየቀኑ ያለ ኪሳራ እኩል የሚያድግ ቁጥር ንግድ ያመጣው ሳይሆን ሰው የጻፈው ነው።

ለእኔ ግን ከትርፉ ይልቅ አፖቹን የሚያጋልጣቸው የማውጫ ክፍያው ነው። ክፍያ መኖሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ እኛም ገንዘብ ስናስተላልፍ እናስከፍላለን። ልዩነቱ ክፍያው ከየት እንደሚወሰድ ነው። ባንክ ከወለድዎ ላይ ታክሱን ቀንሶ የተረፈውን ሒሳብዎ ውስጥ ያስገባል እንጂ «መጀመሪያ ታክሱን ከኪስዎ ይዘው ይምጡ» አይልም። 86,400 ብር በእጁ ያለ ሰው 12,960 ብሩን ቀንሶ 73,440 ብር መላክ ምን ያቅተዋል? የሚያቅተው ብሩ ስለሌለ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ እውነተኛው ገንዘብ ደንበኛው አሁን ሊልኩት የያዙት ነው። ደግሞስ የመንግሥት ታክስ በግለሰብ ሒሳብ ወይም በግለሰብ ቴሌብር ቁጥር ሲሰበሰብ ማን አይቷል?

ደንበኛዬ ግን በቀላሉ አልተረቱም። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ አካባቢ 600 ብር አውጥቼ በእጄ ገብቷል እኮ» አሉኝ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ያ 600 ብር የአፑ ትርፍ አይደለም፤ ከራሳቸው 5,000 ብር ወይም ከእሳቸው በኋላ ከገባ ሰው የተቆረሰ ነው። የሚከፈለውም ሰውዬው ተማምኖ እንዲጨምርና ዘመድ ወዳጁን በሊንክ እንዲጋብዝ ነው። ትንሽ ብር መውጣቱ ትልቁም እንደሚወጣ ማስረጃ አይሆንም።

አንዳንዱ አፕ ደግሞ የፈቃድ ወረቀቱን ፎቶ ያሳያል። ፎቶ ማንም ያዘጋጃል፤ ማጣራት የሚፈልግ ሰው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ራሱን ይጠይቅ እንጂ አፑ የላከለትን ሊንክ አይክፈት። ታክሱን የከፈለም ቢሆን አያርፍም፤ ቀጥሎ «የማረጋገጫ»፣ ከዚያ «የማፋጠኛ» ክፍያ ይመጣል። ብሩ ካለቀ በኋላ ደግሞ «የተበላብህን አስመልስልሃለሁ» የሚል ሌላ ሰው ይደውላል፤ እሱም ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። ብር የላከ ሰው የግብይት ቁጥሩንና ስክሪንሾቱን ይዞ በዚያው ሰዓት ወደ ባንኩ ወይም ወደ ቴሌብር፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ይሂድ። ተቀባዩ ገንዘቡን ለማሸሽ አይዘገይምና ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ለደንበኛዬ ያልኳቸው አንድ ነገር ነው፤ ለአፑ «ደንበኛ አገልግሎት» እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ክፍያውን ካለኝ ሒሳብ ቀንሳችሁ የቀረውን ላኩልኝ።» እዚያው መስኮቱ ጋ ቆመው ጻፉ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ሲስተሙ አይፈቅድም፣ ክፍያው በአዲስ ገንዘብ ብቻ ነው።» የማስገቢያ ፎርሙን መልሰው ሰጡኝ። በሚቀጥለው እትም ከስሞቹ ዝርዝር ይልቅ ይህችን ጥያቄ ብታወጡልን ለብዙ ሰው ትጠቅማለች።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ