ገንዘብን ለሁለት ሥራ መክፈል ትርፍ ይቀንሳልን?

ጥቂት ጥሪት ያላቸው እናቶች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ይኸውም «ያለችኝን ገንዘብ ለሁለት ሥራ ከከፈልኳት ትርፌም አብሮ አይቀንስም ወይ?» የሚል ነው። መልሱን በብር አስልቶ ማየት ይሻላል።

አንዲት እናት 20,000 ብር አላት እንበል። ያሰበቻቸው ሥራዎች ዶሮ አርብቶ እንቁላል መሸጥና እንጀራ ጋግሮ ማቅረብ ናቸው። ስሌቱ እንዲቀልልን ሁለቱም ሲቀናቸው ከመቶ 30 ያተርፋሉ፣ ሳይቀናቸው ሲቀር ከመቶ 10 ያከስራሉ፤ የሁለቱም ዕድል እኩል ነው እንበል። ገንዘቧን በሙሉ በዶሮ ላይ ብታውለው በደጉ ዓመት 6,000 ብር ታተርፋለች፤ በክፉው ዓመት 2,000 ብር ትከስራለች። አማካዩ በዓመት 2,000 ብር ትርፍ ነው።

አሁን ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥራ 10,000 ብር ትመድብ። የአንዱ መቅናት ከሌላው ጋር ግንኙነት ከሌለው፣ እኩል ዕድል ያላቸው አራት ዓይነት ዓመታት ሊገጥሟት ይችላሉ። በአንዱ ሁለቱም ሥራዎች ይቀኑና 6,000 ብር ታገኛለች። በአንዱ ሁለቱም ይበላሹና 2,000 ብር ታጣለች። በቀሩት በሁለቱ ግን አንደኛው ሥራ 3,000 ብር ሲያተርፍ ሌላው 1,000 ብር ስለሚያከስር 2,000 ብር በእጇ ይቀራል። አራቱን ደምረን ለአራት ብናካፍል አማካዩ ያው 2,000 ብር ነው። ትርፉ አልተነካም፤ ከሁለት ዓመት በአንዱ ይጠበቅ የነበረው ኪሳራ ግን ከአራት ዓመት ወደ አንድ ወርዷል። አሜሪካዊው ሊቅ ሃሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1952 በሒሳብ ያሳየው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ይህ የሚሆነው ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ምክንያት አብረው የማይወድቁ ሲሆኑ ነው። ያቺው እናት እንጀራውን ትታ ገንዘቧን ለእንቁላል ጣይና ለሥጋ ዶሮዎች ብትከፍለው፣ ፈንግል ግቢዋ የገባ ዕለት ሁለቱንም ይጨርስባታል። በስም ሁለት ሥራ ቢባልም ሥጋቱ አንድ ነው።

የሦስት የግል ባንኮችን አክሲዮን ገዝተው ተረጋግተው የሚቀመጡ ሠራተኞችም ይህንን ቢያስቡበት መልካም ነው። በ2003 ዓ.ም. የግል ባንኮች አዲስ ከሚያበድሩት ከእያንዳንዱ 100 ብር የ27 ብር ያህል፣ ወለዱ አነስተኛ የሆነ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ሲታዘዙ፣ መመሪያው የነካው አንዱን ባንክ ለይቶ አልነበረም። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስም ቆይቷል። አክሲዮኑን መከፋፈል የአንድን ባንክ የአስተዳደር ጉድለት ይከላከላል እንጂ ባንኮችን ሁሉ የሚነካውን አይከላከልም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሥራ ስንመርጥ በቅድሚያ የሚጠየቀው «ይህንን የሚያከስረው ምንድን ነው?» ተብሎ ነው። መልሱ ለመጀመሪያው ሥራ ከተሰጠው ጋር አንድ ከሆነ ሌላ መፈለግ ያሻል። እንዲሁም ሁለተኛው ሥራ ትርፉ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ወይም 10,000 ብሩ ለምጣድና ለጤፍ የማይበቃ ሆኖ ሥራው በጎዶሎ ከተጀመረ፣ ያን ጊዜ አማካዩ ትርፍ በእርግጥ ይቀንሳል።