ሃያ አራት ሳይሆን ሁለት

አንድ ጸሐፊ ባወጡት ማብራሪያ ላይ የ`Z/4` እና የ`Z/6` ቴንሰር ብዜት «4 በ6 ተባዝቶ 24 አባላት አሉት» ብለዋል። 24 አባላት ያሉት የጥንዶቹ ስብስብ `Z/4 × Z/6` ነው። `Z/4 ⊗ Z/6` ግን ያሉት 2 ብቻ ናቸው።

በቴንሰር ብዜት ውስጥ ቁጥር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሻገራል፤ `a ⊗ b` ማለት `ab(1 ⊗ 1)` ነው። ስለዚህ ማንኛውም አባል `1 ⊗ 1`ን እየደጋገሙ በመደመር ይገኛል። 4 ጊዜ ስንደምረው 4ቱ ወደ ግራ ገብቶ 0 ይሆናል፤ 6 ጊዜ ስንደምረው ደግሞ 6ቱ ወደ ቀኝ ገብቶ 0 ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት 2 ነውና 2 ጊዜ መደመሩም 0 ይሰጣል።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ያሳየው ግን አባላቱ ከ2 እንደማይበልጡ ብቻ ነው። `1 ⊗ 1` ራሱ 0 ቢሆንስ? እንግዲያው `(a, b)`ን `ab` ለ2 ሲካፈል ወደሚተርፈው ቀሪ እንላከው። 4ም 6ም ተጋማሽ ስለሆኑ `a` ላይ 4፣ `b` ላይ 6 ብንጨምር ቀሪው አይለወጥም፤ በሁለቱም ጎን መደመርም ይጠበቃል። `(1, 1)` ወደ 1 ይሄዳል፤ ስለዚህ `1 ⊗ 1` 0 አይደለም።

በዚያው መንገድ `Z/m ⊗ Z/n` የ`m` እና የ`n` ትልቁ የጋራ አካፋይ የሚያህል አባላት ይኖሩታል። ጸሐፊው 6 አባላት የሰጡት `Z/2 ⊗ Z/3` ያለው 0 ብቻ ነው፤ ይታረም።